ምርጡ መሬት

ፊርማዬ ያምራል። ደሴ ላይ ጂኦሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከትምህርቴ ይልቅ ፊርማዬን የሚያስታውሱ የቀድሞ ተማሪዎች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። ስለሺ የሚለውን ስሜን ጽፌ ከመጨረሻው ፊደል ወደ ታች ረዘም ያለ ጭራ እስባለሁ። ያ ጭራ ያለበት አንድ ወረቀት ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት፣ በርእሰ መምህርቷ ቢሮ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ስምንት ዓመት ተሰቅሎ ነበር። ከፊርማዬ በላይ ያለው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «ቦታው ለታሰበው ግንባታ ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።»

አላገኘሁትም። በደንብ አልፈለግሁማ።

ነገሩ የተጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ የአረፋ ሰሞን ነው። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ አዛውንት በደጋን መንገድ በኩል፣ ከትልቁ ገደል ሥር፣ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ነበራቸው። ትምህርት ቤት ይሠራበት ብለው ወቅፍ አደረጉት። ወቅፍ ለአላህ የተሰጠ ማለት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይወረስም፣ ሰው ትቶት ባዶውን አይቀርም። ያገሬው ሰው ድንጋይም ጉልበትም አዋጣ። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል መጀመሪያ የአፈር ጥናት አምጡ ሲላቸው እኔን ጠሩ።

መሬቱን ሳየው ደስ አለኝ። ከላይ ገደሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከሥሩ ደግሞ ሰው በእጁ የደለደለው የሚመስል ሰፊ ደልዳላ እርከን ተዘርግቷል። አፈሩ ጥቁርና ጥልቅ ነው። በሰሜን ማእዘኑ አንዲት ምንጭ ትፈልቃለች፤ ሾላ ጥላዋን ጥሎባታል። የሼህ እንድሪስ ቤት ግን ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በሬ የማይጠምዱበት ጥቁር ድንጋይ ጉብታ ላይ ነበር። ይህን መሬት ትተው ለምን እዚያ ድንጋይ ላይ እንደሚኖሩ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ድንጋዩ ለኔ፣ አፈሩ ለአላህ» አሉኝ። «ለአላህ የሚሰጠው ከምትወደው ነው። ከርስቴ ምርጡ ይኼ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም የኩታበር ልጅ ነኝ፤ ሽማግሌ በደስታ ሲያለቅስ ማየት አንጀቴን ይበላዋል።

በአራቱም ማእዘን ጉድጓድ መቆፈር ነበረብኝ። ሦስቱን አስቆፈርኩ። አራተኛውን ላስቆፍር ምንጯ አጠገብ ስደርስ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። በኛ አገር ምንጭ ዳር አይቆፈርም፤ ምንጭ ከተነካ ይሸሻል ይባላል። እናቴም ይህንኑ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ማንም አትቆፍር አላለኝም፤ እንደሱ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፣ እከራከር ነበር። በዚያ ላይ የአረፋው በግ ታርዶ ምሳ ቀርቧል። ሰው አክብሮኝ እኔ ምንጩን ላስቀይም? ነውር መሰለኝ። ሦስቱ ጉድጓድ ጥሩ አፈር አሳይተውኛል፣ አራተኛውም ከዚያ አይለይም ብዬ ሳልቆፍር ቅጹ ላይ ሞላሁት። ፊርማዬን አሳምሬ አስቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰባት ዓመት ስለዚያ መሬት አላሰብኩም ብል ሐሰት አይደለም።

በ2017 ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት መንቀጥቀጥ ሲበዛ ስልኬ ዕረፍት አጣ። የሚያውቀኝ ሁሉ «መሬት ምን ሆነች?» ይለኛል። ምንም አልሆነችም፣ እንደ ወትሮዋ ናት ስላቸው ይናደዳሉ። እውነቱ ግን ይኼው ነው። ምድር ከላይ አንድ ወጥ ቅርፊት የላትም። ቅርፊቷ ተሰባብሮ ጎን ለጎን የተገጣጠመ ነው፤ ስባሪዎቹን ሰሌዳ እንላቸዋለን፣ ውፍረታቸው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ አለ። ከሥራቸው ያለው ዓለት ጠጣር ነው፣ ነገር ግን ከግለቱ የተነሣ ዓይን በማያየው ዝግታ ይፈሳል፤ ሰሌዳዎቹም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት ሰሌዳዎች ሲጋፉ መሬት ተጨማዶ ወደ ላይ ይነሣል፤ ህንድ እስያን እየገፋች የሂማላያን ተራሮች ያቆመችው እንዲህ ነው። የባሕር ወለል የሆነው ሰሌዳ ከሌላው ሥር ሲገባ ደግሞ በላዩ እሳተ ገሞራ ይሰለፋል። ሲለያዩ መሬት ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። የኛ ዕጣ ይኼ ሦስተኛው ነው።

አፋር ላይ ሦስት ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፤ ይገናኛሉ ከማለት ይለያያሉ ማለት ይሻላል። እኛ ወሎዎች የኑቢያ በሚባለው፣ ትልቁን አፍሪካ በተሸከመው ሰሌዳ ጠርዝ ላይ ነን። የዓረቡ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ የሶማሌው ወደ ምሥራቅ ይርቁናል። የሶማሌው በዓመት የሚርቀን የሰው ጥፍር በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል ነው። ይህቺን ስነግራቸው ሰዎች ይረጋጋሉ፤ ጥፍር ማንን ገድሎ ያውቃል? እኔ ግን የማልነግራቸው ሌላ ነገር አለ። ሰሌዳው በየዓመቱ ይሳባል፣ ስንጥቁ ላይ ግን ዓለቱ ተነካክሶ እንቢ ይላል። የአንድ ዓመቱ ጥፍር፣ የመቶ ዓመቱ ጥፍር፣ የሺህ ዓመቱ ጥፍር እዚያ ይከማቻል። አንድ ቀን ዓለቱ ይሸነፋል፤ የሺህ ዓመቱ ዕዳ በጥቂት ሰከንድ ይከፈላል። የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው ያንን ነው።

በዚያው ዓመት የካቲት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሐረጎ ከፍታ ወጣሁ። በየዓመቱ አወጣቸዋለሁ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ሁሉ የትምህርቱ ጥቁር ሰሌዳ ነው። የጦሳ ተራራ ድርብርብ ዓለት ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ከመሬት ሥር እየፈሰሰ የተነባበረ ነው፤ ከሥር የሚገፋው ትኩስ ዓለት ደጋውን በሙሉ ወደ ላይ አነሣው። ተጋጭቶ የተጨማደደ ተራራ አይደለም። ጠርዙ ግን ወደ አፋር በኩል ሲሳብ እየተሰበረ ደረጃ በደረጃ ወረደ። ቦርከና የሚፈስበት ሜዳ፣ ኮምቦልቻ የተቀመጠችበት፣ በሁለት ወገን ስንጥቅ መካከል የሰመጠ መሬት ነው። መኪናው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ጆሮህ የሚደፈነው በዚያ ስብራት ላይ ስለምትወርድ ነው እላቸዋለሁ።

ለልምምድ ያህል በአካባቢው ያሉትን ምንጮች ዞረው በካርታ ላይ እንዲያመለክቱ አዘዝኳቸው። ሁለት ቀን ዞሩ። ካርታውን ዘርግተው ሲያመጡልኝ ከገደሉ ሥር ያሉት ስድስት ምንጮች ገመድ ተወጥሮ የተተከሉ ይመስል በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ውሃ በገዛ ፈቃዱ አይሰለፍም። ዓለት ተሰብሮ የተፈጨበት መስመር ካለ ግን ከታች ያለው ውሃ በዚያ ይወጣል። ተማሪዎቹ ትምህርቱ ስለገባቸው ደስ ብሏቸው ያወራሉ። እኔ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየሳብኩ አራተኛዋ ምንጭ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሾላው ያለባት ናት።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባኝ። እርከኑ ደልዳላ የሆነው ከገደሉ ተቆርጦ የወረደ መሬት ስለሆነ ነው። አፈሩ ጥልቅ የሆነው ከላይ የሚታጠበው ሁሉ በወረደው መሬት ላይ ስለሚከማች ነው። ምንጯም የምትፈልቀው ዓለቱ እዚያ ስለተሰበረ ነው። ሼህ እንድሪስ ከርስታቸው ምርጡን መረጡ፤ ምርጥ ያደረገው ግን ስንጥቁ ራሱ ነበር። በላዩ ላይ ሁለት መቶ አርባ ልጆች ይማራሉ። 

በማግስቱ ወረድኩ። ርእሰ መምህርቷ ሳሊሃ የሼህ እንድሪስ ልጅ ናት፤ ቁጥብ፣ ቀጥ ያለች፣ ልጆቹ በዓይኗ ብቻ የሚሰለፉላት። ወረቀቴ ከወንበሯ በላይ ተሰቅሏል። ምንጯ አጠገብ መቆፈር እንደምፈልግ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም። ወረቀቱን ዞራ አየችው፣ ከዚያ እኔን።

«ያኔስ ለምን አልቆፈሩም?» አለችኝ።

«ነውር መስሎኝ።»

«ነውሩስ ይሄ ሆነ፣ መምህር» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

ሼህ እንድሪስም ነገሩን ሰሙ። የሰፈሩን ሽማግሎች ጠርተው ዱዓ አስደረጉ። ምንጩ ቢሸሽ ሰፈሩ ውሃ ከየት ያመጣል ያሉም ነበሩ፤ ልክ ናቸው። ሼሁ ግን ረመዷን ይለፍና ይቆፈር ብለው ዘጉት።

በሚያዝያ ከገደሉ ጎን እስከ እርከኑ መሀል አሥራ አምስት ሜትር የሚረዝም፣ ከሰው ቁመት በእጥፍ የሚጠልቅ ቦይ አስቆፈርኩ፤ ግድግዳውን በአጣና አስደገፍኩት። ምንጯ አልሸሸችም። ደፍርሳ ሁለት ቀን ሰነበተችና ጠራች። እኔ ግን ቦዩ ውስጥ በመፋቂያ ግድግዳውን ሳጸዳ አራት ቀን አሳለፍኩ። አምስተኛው ቀን ላይ ሼህ እንድሪስ መጡ፤ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ግን በመሰላሉ ልውረድ አሉ። ሳሊሃ እንቢ ስትል በክርናቸው ገፋ አድርገዋት ወረዱ።

ግድግዳው ላይ አፈሩ ተነባብሮ ይታያል፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ጠጠር። በጥቁሩና በቡኒው መሀል አንዲት ነጭ መስመር አለች፣ ሁለት ጣት የምትሆን፤ ከጥንት ከአፋር በኩል በነፋስ የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በደረታቸው ትክክል ነበረች። ጣትዎን ያሳርፉባትና ይከተሏት አልኳቸው። ሼሁ ጣታቸውን አሳርፈው ከገደሉ በኩል ወደ እርከኑ እየተራመዱ ተከተሏት። ከስድስት እርምጃ በኋላ ጣታቸው ቆመ። ነጯ መስመር ድንገት ተቆርጣለች።

«የት ሄደች?» አሉ።

«ወደ ታች ይዩ።»

ጎንበስ አሉ። ያው ነጭ መስመር ከጉልበታቸው ጀምሮ ይቀጥላል። በሁለቱ መካከል ከላይ እስከ ታች ሰያፍ የሆነ ስንጥቅ አለ፤ ፍርስራሽ ጠጠር ሞልቶበታል። ሼሁ አንድ እጃቸውን ከላይኛው ነጭ ላይ፣ አንዱን ከታችኛው ላይ አድርገው ለኩት። ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው፣ እኔ ለክቼዋለሁ። ከዚያ በታች ያለውን የጠጠር ንብር ደግሞ አሳየኋቸው፤ እሱ የወረደው የዚህን እጥፍ ነው። ይህ ማለት መሬቱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ አመዱ ሳይወድቅ በፊት አንዴ፣ ከወደቀ በኋላ አንዴ።

«በምን ያህል ጊዜ ወረደ? በዓመት በዓመት?»

«በአንድ ጊዜ። ‹ቢስሚላህ› ብለው በማይጨርሱት ጊዜ።»

እጃቸውን ከግድግዳው አላነሡም። የካራ ቆሬውን መንቀጥቀጥ ያስታውሳሉ። በ1953 ሰኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ማጀቴ ፈርሶ፣ አውራ መንገዱ ተሰንጥቆ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በሜዳ ሰነበተ። አባታቸው ከበሬዎቹ ጋር ሜዳ ላይ አሳደሯቸው። ያን ያመጣው ይኼ ነው ወይ አሉኝ። ወንድሙ ነው አልኳቸው፤ ያው ጠርዝ፣ ሌላ ስንጥቅ።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። «አላውቅም» አልኩ። «ማንም አያውቅም። ነገ ሊሆን ይችላል። ሺህ ዓመትም ሊቆይ ይችላል።»

«ታዲያ እውቀትህ ምን ያደርጋል?»

«የት እንደሆነ ያውቃል፣ ሼህ። የት እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

መለስ ብለው ወደ ላይ አዩ። ከቦዩ አፍ በላይ የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ጥግ ይታያል። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ይሄዳል።

ከቦዩ ያወጣሁት የከሰል ስባሪ ለምርመራ ተልኮ ውጤቱ በነሐሴ መጣ። የፊተኛው ስብራት አራት ሺህ ዓመት ገደማ፣ የኋለኛው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሽማግሎቹ ተሰብስበው ሰሙኝ። አንዱ፣ ሁለቱ ስብራት በሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ከተራራቁ ገና ስምንት መቶ ዓመት አለን አለ። ሌላው አልሐምዱሊላህ አለ። ስንጥቅ ቀጠሮ አያከብርም፣ ሁለት ቁጥር ልማድ አይሆንም ብዬ ጮህኩባቸው፤ አፈርኩ፣ ግን ጮህኩ። ግድግዳው በብረት ይጠንክር ያለም ነበር። ሲነቀነቅ የሚጸና ግንብ ይሠራል፤ መሠረቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ በክንድ ሲወርድ የሚጸና ግንብ ግን የለም። ለማንኛውም ነገሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር። ወቅፍ አይለወጥም፣ ባዶም አይቀርም። ሼህ እንድሪስ ያደጉበት የኪታብ መንገድ ይህን ነው የሚለው፤ የሰጡትን መልሰው ከአላህ እጅ የሚወስዱ መስሎ ታያቸው። ልጆቹን የምንወስድበት ሌላ ሜዳም አልተገኘም። መስከረም ደረሰና ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። እኔ በየሳምንቱ እየወረድኩ ከሳሊሃ ጋር ልጆቹን ወደ ውጭ መውጣት አለማመድን፤ በር በርግዶ ማሰር፣ ቦርሳ መተው፣ ከግድግዳ መራቅ። ሳሊሃ ከኔ ጋር የምታወራው ስለዚሁ ብቻ ነበር።

በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሁለታችን ቢሮዋ ውስጥ ቆመን ሳለ መጀመሪያ የጣራው ቆርቆሮ አጉረመረመ። ዝናብ መሰለኝ። ቀጥሎ ወለሉ ከእግሬ ሥር ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ሄደ። በመስታወት ያለው ወረቀቴ ከምስማሩ ወርዶ ተከሰከሰ። ሳሊሃ ከእኔ ቀድማ ደጅ ነበረች፤ ደወሉን ስትደውል ልጆቹ እንዳስተማርናቸው ወጡ፣ አንደኛ ክፍሎች ግን በሩ ላይ ተደራርበው ወደቁ። አንዷን ትንሽ ልጅ እኔ ነኝ ከሥር ስቤ ያወጣኋት። ጉልበቷ ተልጦ ነበር፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። ጫማሽን ፈልጌ ላምጣልሽ ስላት እጄን አልለቅም አለች።

በመንቀጥቀጥ መለኪያ አራት ያልሞላች ትንሽ መንቀጥቀጥ ነበረች፤ ከዚያ ስንጥቅ ራሱ መምጣቷንም አላውቅም። ቆይተን ስንገባ ግን የሦስተኛ ክፍል ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ድረስ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ ተሰንጥቋል።

ሼህ እንድሪስ ከጉብታው ላይ በእግራቸው መጡ። ስንጥቁን አዩ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ጉልበቷ የተላጠውን ልጅ ራሷን ዳሰሱ። ለእኔ ያሉኝ ይህን ነው፦

«አላህ ሰበቡን በጣቴ አስነክቶኛል። አውቄ ልጅ እዚያ ካስቀመጥኩ በአላህ መመካት አይባልም፣ ነፍስ ማጥፋት ነው። ልጆቹ ቤቴ ይሂዱ።»

ድንጋዩ ጉብታ ማለታቸው ነው። ለእርሻ የማይረባው። ሄጄ ዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንድ ወጥ ጥቁር ዓለት ነው፣ ስንጥቅ አያልፍበትም። መንቀጥቀጡ እዚያም ይደርሳል፣ ማንም አያመልጠውም፤ ግን ዓለት እንደ ጥልቅ አፈር አይናጥም፣ መሬቱም ለሁለት አይከፈልም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቆርቆሮ ዳስ ተሠራ፣ ቢወድቅም ልጅ የማይገድል ቀላል ዳስ። ቤታቸውን ለትንንሾቹ ለቀቁ። በሕይወቴ ያን ያህል ቀለል ብሎኝ አያውቅም። ሳሊሃ እንኳ አንድ ቀን ሻይ ጠጣ አለችኝ፤ «ጠጣ» ስትለኝ አንቱታውን መተዋ እርቅ መሰለኝ።

ሼሁ የት እንደሚኖሩ አልጠየቅሁም ነበር። ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ ብዬ ነው።

በኅዳር አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ሰሌዳው ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ትኩስ ዓለት ጫናው ይቀልለታል፤ ሲቀልለት ይቀልጣል፣ የቀለጠው ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ያው መሳብ ነው ባንድ በኩል እኛን የሚሰብረን፣ በሌላው እሳት የሚያወጣ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄደ። ሰው ስልክ ይደውልልኝ ጀመር፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ነጭ መስመር ነበርና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አሮጌው ትምህርት ቤት ቅጥር ጊቢ ውስጥ ጢስ አየሁ። ሦስተኛ ክፍል በሩ ክፍት ነው። ሼህ እንድሪስ በተሰነጠቀው ግድግዳ ሥር ቁርበታቸውን አንጥፈው ኪታብ ይቀራሉ። ጥግ ላይ ጀበናቸው፣ ፍራሻቸው፣ የውሃ ማሰሮ። እርከኑ ላይ ሽንብራ ዘርተዋል፤ ምርቱ ለልጆቹ ምሳ ነው።

ለመንኳቸው። ተቆጣሁ። በጌታ ስምም በአላህ ስምም ለመንኳቸው። ሳሊሃ ስንት ጊዜ አልቅሳ እንደለመነች ኋላ ነገረችኝ። ኪታቡን ዘግተው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉ። «ወቅፍ ባዶ አይቀርም። ሰው ይኑርበት ከተባለ ደግሞ፣ የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ይህን አላስተባበሉም። ከጎናቸው ካለው ሣጥን አንድ ባዶ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝና እውነቱን ጻፍልኝ አሉ፤ ልጆች ለመጫወት እንዳይገቡ በሩ ላይ ይለጠፋል። ጻፍኩ፦ «ይህ ቦታ ገባሪ ስንጥቅ ያለበት ነው። ለሰው መቀመጫ አይሆንም።» ላላሳምረው ብዬ ነበር የፈረምኩት፣ ግን የለመደ እጅ ነውና ጭራው ወጣ። ሼሁ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩትና ፊርማህ ያምራል አሉኝ። አልተሳለቁብኝም። ከልባቸው ነው።

አሁን በየጠዋቱ ቢሮዬ ገብቼ መጀመሪያ የማየው ከመንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያው የመጣውን መዝገብ ነው። መስመሩ ዝም ያለ ዕለትም፣ የተርገበገበ ዕለትም እደውልላቸዋለሁ። ስልካቸውን ከሩቅ ነው የሚያስቀምጡት፤ ተነሥተው እስኪያነሡት ጥሪውን እቆጥራለሁ። ሦስት፣ አራት። ከዚያ «አለሁ» ይላሉ። እስከ ዛሬ ከአምስት በላይ ጠርቶ አያውቅም።